«ሰኞ አልመጣም» የሚለው ቃል ብቻውን አይሂድ

«ኮምቦልቻ የአንድ አከፋፋይ ድርጅት መጋዘን ኃላፊ ነኝ። ሥራ አስኪያጃችን፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ደሴ ቢሮ ይሰበስቡናል። የባቲ፣ የሐይቅና የደሴ ሱቅ ኃላፊዎች፣ ሒሳብ ሹሟ፣ የትራንስፖርት አስተባባሪው፣ እሳቸውና እኔ፣ ሰባት ነን። ሁለት ሰዓት ቁጭ ብለን የምንነሳው ለየትኛው ሱቅ ስንት ካርቶን ሳሙና ይሂድ የሚለውን ብቻ ወስነን ነው። የፊታችን ሰኞ የሚራገፍ ዕቃ አለብኝ። በጽሑፍ ብንጨርሰው ደስ ይለኛል፤ ግን ናቀችን እንዳይሉኝ ፈራሁ። ምን ብዬ ልጻፍላቸው?
የመጋዘኗ፣ ከኮምቦልቻ»

አብሽሪ እህቴ፤ የያዝሽው ጉዳይ በጽሑፍ የሚያልቅ ዓይነት ነው። ሁሉም ስብሰባ እንዲህ አይደለም። የዕቃ ጉድለት የሚጣራበት፣ ሠራተኛ የሚገሠጽበት ወይም ሁለት ሰዎች የተቃቃሩበት ቢሆን ኖሮ «ሂጂ፣ ቀድመሽም ድረሺ» ነበር የምንልሽ። የሰው ስም የሚነሳበት ነገር ሲጻፍ ከታሰበው በላይ ይከርራል፣ ከእጅ ወደ እጅም ይዞራል። ካርቶን ማከፋፈል ግን ቁጥር ነው። ሦስቱ ሱቆች የቀራቸውን ይናገራሉ፣ አንቺ መጋዘን ያለውን ትናገሪያለሽ፣ ጋሼ ይወስናሉ። ለዚህ ፊት ለፊት መተያየት አያስፈልግም። እንዲያውም ሲተያዩ ነው የሚረዝመው፤ አቦሉ በሰላምታ፣ ቶናው ባለፈው ሳምንት ወሬ ያልቅና ሳሙናው የሚነሳው በበረካው ላይ ነው።

መጀመሪያ ለራስሽ ብቻ ሒሳቡን ሥሪው። ሰባት ሰው ሁለት ሁለት ሰዓት ሲቀመጥ 14 ሰዓት ነው። አንቺ ከኮምቦልቻ ደሴ ደርሰሽ ለመመለስ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ መጠበቁን ጨምሮ፣ 2 ሰዓት ይሄድብሻል እንበል። የሐይቁም እንደዚያው፤ የባቲው በኮምቦልቻ አድርጎ ስለሚመጣ 4 ሰዓት ያዢለት። ጠቅላላው 22 የሥራ ሰዓት ሆነ። በጽሑፍ ሲሆን አንቺ ለማዘጋጀት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ስድስቱ ሰዎች አንብበው ለመመለስ ሃያ ሃያ ደቂቃ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ይህን ስሌት ግን ለጋሼ እንዳትልኪላቸው። ልክ ቢሆንም ክስ ይመስላል፤ «ሳምንት በሳምንት ጊዜያችንን ሲያባክኑ ኖረዋል» ብሎ እንደ መጻፍ ነው። ስሌቱ የሚጠቅመው ጥያቄሽ ስንፍና አለመሆኑን ራስሽ አውቀሽ በሙሉ ልብ እንድትናገሪ ነው።

ለእሳቸው የምታነሺው ሌላ ምክንያት ነው፤ እሱም እጅሽ ላይ አለ። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። ከቆላውም ከደጋውም ሰው የሚወርድበት ትልቁ የገበያ ቀን ላይ የባቲው ኃላፊ ሱቁን ትቶ ደሴ ተቀምጧል። የባሰው ደግሞ ሰኞ የተወሰነው ካርቶን ባቲ የሚደርሰው ገበያው ከተበተነ በኋላ መሆኑ ነው፤ ስድስት ቀን ተደርድሮ ይቆያል ማለት ነው። ውሳኔው ሐሙስ ካለቀ ሳሙናው ቅዳሜ ባቲ ይደርሳል፣ ሰኞ ይሸጣል። ይህ የአንቺ ምቾት ሳይሆን የድርጅቱ ሽያጭ ነው። ከዚህ ከጀመርሽ ማንም ናቀችን አይልም።

ቃሉ ላይ እንምጣ። «ሥራ በዝቶብኛል» አትበዪ፤ ሥራ ያልበዛበት የለምና የምትይው «የኔ ከእናንተ ይበልጣል» ሆኖ ይሰማል። «አይመቸኝም» ብቻውን በር መዝጋት ነው። «አሞኛል» ወይም «ለቅሶ ነበረብኝ» ደግሞ ከነጭራሹ አይታሰብም። በወሎ የሞተና ያልሞተ ሰው ከሰዓት በፊት ይታወቃል፤ ሐሰተኛ ለቅሶ አንዴ ከታወቀብሽ እውነተኛው ሲመጣ እንኳ ይጠረጠራል። «ስብሰባው ፍሬ የለውም» የሚለውም እውነት ቢሆን የሚነካው ጠሪውን ነው።

ከሁሉም በላይ ግን እምቢታው በቡድኑ ውስጥ አይውጣ። ጋሼ ስድስት ሰው በሚያነብበት ቴሌግራም ላይ «አልመጣም» ከተባሉ፣ ቢስማሙ እንኳ ተሸንፈው የተስማሙ ይመስላሉ። ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት፣ ቢሮ ገብተው ትንሽ ሲረጋጉ፣ 4 ሰዓት ገደማ ደውዪላቸው። ሰላምታው በደንብ ይሁን፣ ቤተሰብም ይጠየቅ፤ ጉዳዩ ግን አጭር ነው፤

«ጋሼ፣ ስለ ሰኞው ስብሰባ አንድ ነገር ላማክርዎ ነው። ሰኞ የሚራገፍ ዕቃ ስላለብኝ ከመጋዘን መውጣት አልችልም። ባቲም ገበያው ያመልጠዋል። ክፍፍሉን በአንድ ገጽ አዘጋጅቼ ነገ 10 ሰዓት ልላክልዎና ሐሙስ እርስዎ ቢወስኑ ሳሙናው ቅዳሜ ባቲ ይደርሳል። ለዚህች አንድ ሰኞ ብቻ እንሞክረው? ካልሆነ በሚቀጥለው እመጣለሁ።»

እዚህ ውስጥ ሁለት ነገር ልብ በዪ። አንደኛ «ለዚህች አንድ ሰኞ ብቻ» የሚለው ነው። ለዘለቄታው ስብሰባ ይቅር ብለሽ ከጠየቅሽ የሚመለስልሽ «እናየዋለን» ነው፤ ለአንድ ቀን ሙከራ ግን እሺ ማለት ቀላል ነው። ሁለተኛ «እርስዎ ቢወስኑ» የሚለው። ስብሰባ ጠሪ በጽሑፍ ሐሳብ የሚከፋው ጽሑፉን ጠልቶ ሳይሆን ወንበሩ የተወሰደበት መስሎት ነው። ወረቀቱን አንቺ ታዘጋጂያለሽ፣ ውሳኔውን በቡድኑ ላይ የሚለጥፉት እሳቸው ናቸው። ይህ ቅደም ተከተል ከተዛባ ሌላው ሁሉ ቢያምርም አይሠራም።

እሺ ካሉሽ እዚያው ስልክ ላይ «ታዲያ ለልጆቹ እርስዎ ያሳውቁልኝ» በያቸው። ከእሳቸው የመጣ መልእክት ቁጥር ያሰበስባል፤ ከአንቺ ከመጣ «ማን አዘዛት» የሚል አይጠፋም።

አሁን ገጹ። አባሪ ፋይል አታድርጊው። ዳታ የሌለው፣ ስልኩ የሞላ ወይም መክፈቻው የሌለው ሰው ፋይሉን ያያል እንጂ አይከፍተውም፤ «ደርሶኛል» ይላል፣ አላነበበውም። በቀጥታ የተጻፈ፣ በአንድ ስልክ ስክሪን ላይ ብዙም ሳይገፋ የሚያልቅ ጽሑፍ ይሁን። ረቡዕ እስከ 8 ሰዓት ከሦስቱ ሱቆች ሦስት ሦስት ቁጥር ትጠይቂያለሽ፤ ዛሬ የቀረው፣ በሳምንት የሚሸጠው፣ የሚፈለገው። ብዙ ሰው «የሚፈለገውን» ብቻ ይጠይቅና እዚያ ላይ ይሰናከላል። ያለ ቀሪውና ያለ ሽያጩ የሚፈለገው ቁጥር ምኞት ነው።

መጋዘን ውስጥ 180 ካርቶን አለ እንበል። ባቲ 6 ቀርቶት 90 ጠየቀ፤ በሳምንት የሚሸጠው 90 ነው። ሐይቅ 28 ቀርቶት 60 ጠየቀ፤ የሚሸጠውም 60 ነው። ደሴ 15 ቀርቶት 80 ጠየቀ፤ የሚሸጠው 80። የተጠየቀው ሲደመር 230፣ ጉድለቱ 50 ነው። በስብሰባ ላይ ቢሆን ይህች 50 ካርቶን ናት ሁለት ሰዓቱን የምትበላው፤ ድምፁ ጎላ ያለው ይወስዳል። በወረቀት ላይ ግን ሦስቱም ቀሪያቸውን ሳይቀንሱ መጠየቃቸው ቁልጭ ብሎ ይታያል። በእጃቸው ያለው 49 ነውና ከ180 ጋር 229 ይሆናል፤ የሳምንቱ ሽያጭ 230 ነው። ጉድለቱ ሃምሳ ሳይሆን አንዲት ካርቶን ነበረች ማለት ነው። የምትልኪውም ይህን ይመስላል፤

«ሰላም ለሁላችሁ። ለጋሼ ውሳኔ የቀረበ የሳሙና ክፍፍል።
የሚወሰነው፦ መጋዘን ያለው 180 ካርቶን ለማን ስንት ይሂድ።
ባቲ፦ ያለው 6፣ ሽያጩ 90። የሚላክለት 80።
ሐይቅ፦ ያለው 28፣ ሽያጩ 60። የሚላክለት 35።
ደሴ፦ ያለው 15፣ ሽያጩ 80። የሚላክለት 65።
ምክንያት፦ ያላቸውና የሚላክላቸው ሲደመር ባቲ 86፣ ሐይቅ 63፣ ደሴ 80 ይይዛሉ፤ ሐይቅንና ደሴን እስከ ሳምንት ያደርሳቸዋል፣ ባቲን አራት ካርቶን ብቻ ይጎድለዋል።
ጭነት፦ ዓርብ ጠዋት ደሴና ሐይቅ፣ ቅዳሜ ጠዋት ባቲ። መኪናው መኖሩን ትራንስፖርት ያረጋግጥልን።
መልስ፦ እስከ ሐሙስ 9 ሰዓት። የተስማማ “ይሁን” ይበል። ያልተስማማ የሚፈልገውን ቁጥርና ከማን ላይ እንደሚቀነስ ይጻፍ።
ከሁለት በላይ ሰው ካልተስማማ ሐሙስ 10 ሰዓት በስልክ እንነጋገራለን።
ውሳኔውን ጋሼ ሐሙስ 11 ሰዓት ያሳውቁናል።»

«ከማን ላይ እንደሚቀነስ ይጻፍ» የሚለውን መስመር እንዳትሰርዢው። «ይጨመርልኝ» ማለት ለማንም አይከብድም፤ ከጓደኛው ሱቅ ላይ ቀንሶ መጻፍ ግን ያሳስባል፤ የእውነት የቸገረው ብቻ ይጽፈዋል።

በዚህ ክፍፍል በጣም የተቀነሰበት ሐይቅ ነው፤ 60 ጠይቆ 35። ገጹን ከመልቀቅሽ በፊት ለሐይቁ ኃላፊ ደውዪና በስልክ ንገሪው፦ «ያለህን 28 ስደምረው 63 ይሆንልሃል፤ ይበቃሃል ብዬ ነው፣ የረሳሁት ነገር አለ?» ሰው የተቀነሰበትን ነገር በቡድን ውስጥ፣ ከሌሎች ጋር እኩል ካወቀ፣ ቁጥሩ ልክ ቢሆንም ይከራከራል። ቀድሞ ካወቀ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን «ይሁን» የሚጽፈው እሱ ነው። ምናልባትም አንቺ የማታውቂውን ይነግርሻል፤ ከ28ቱ አምስቱ ዝናብ የነካቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ያኔ ገጹ ሳይወጣ ታስተካክያለሽ።

የሰዓቱ አቆራረጥም የተሰላ ነው። ውሳኔውን ወደ ዓርብ ብትገፊው እኩለ ቀኑ ላይ ጁምዓ አለ፤ ከሰባቱ ግማሹ መስጊድ ሆኖ ስልኩን ዘግቷል። ቅዳሜ ከገፋሽው ባቲ አልደረሰም። የመልስ ቀነ ገደቡም «እስከ ሐሙስ» ብቻ ከሆነ ለአንዱ ሐሙስ ጠዋት፣ ለሌላው ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት ነው፤ ሰዓት ጻፊ። ሐሙሱ ወር በገባ በ12 ወይም በ21 የሚውል ከሆነ ንግሥ ሄዶ የሚያረፍድ ይኖራልና ጠዋት ላይ መልስ አትጠብቂ፤ 9 ሰዓት የተባለው ለዚህም ነው።

ዝምታን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልግሻል። በስብሰባ ላይ ዝም ያለ ተስማማ ይባላል። በስልክ ግን ዝም ያለው ኔትወርክ አጥቶ፣ መብራት ጠፍቶ ስልኩ ሞቶ፣ ወይም ተቀይሞ ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱን ከሩቅ መለየት አይቻልም። ሐሙስ 8 ሰዓት ላይ ያልመለሰውን ደውለሽ ጠይቂና «ባቲ በስልክ ተስማምቷል፣ ሐሙስ 8፡15» ብለሽ ቡድኑ ላይ ጻፊ። በጽሑፍ መመለስ የማይሆንለት ሰው ካለ አታስገድጂው፤ በድምፅ ይላክ ወይም ይደውል፣ አንቺ በአንድ መስመር ታሰፍሪለታለሽ። ቴሌግራም ላልከፈተ ደግሞ ያንኑ ጽሑፍ በኤስኤምኤስ።

አሁን የሚበላሽበትን እንንገርሽ፤ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው በአንድ ቦታ ነው። ክርክሩ ይለቅና ስብሰባው ወደ ቴሌግራም ይዛወራል፤ ስልሳ መልእክት፣ ሃያ የድምፅ መልእክት፣ እስከ ሌሊት። ያኔ የሁለት ሰዓቱ ስብሰባ ይሻል ነበር። ምልክቱ ቀላል ነው፤ አንድ ሰው ስለዚያው ቁጥር ሦስተኛ ጊዜ ከጻፈ፣ ወይም አጭር መላሹ ረጅም ድምፅ መላክ ከጀመረ፣ ጽሑፉ ሥራውን ጨርሷል። አራተኛ መልስ አትጻፊ። እሱን፣ ተቃራኒውንና ጋሼን በአንድ ስልክ አገናኝተሽ አስር ደቂቃ አነጋግሪ፣ የተደረሰበትን ጻፊ፣ ሌሎቹን ሦስቱን አታስቸግሪ።

ሁለተኛው ብልሽት የእርማት ነው። ቁጥር ስህተት ብታገኚ የላክሽውን መልእክት ገብተሽ አታስተካክዪው። የተስተካከለ መልእክት ለማንም ስልክ ላይ አይጮህም፤ ቀድሞ ያነበበው በአሮጌው ቁጥር ላይ «ይሁን» ብሎ ሄዷል፣ ዘግይቶ ያነበበው በአዲሱ። «እርማት፦ ሐይቅ ያለው 28 ሳይሆን 23 ነው፤ የሚላከው 40፣ ደሴ 60» ብለሽ አዲስ መልእክት ላኪ፤ የተነካው ሰው ብቻ ድጋሚ ይመልስ።

ሐሙስ ጋሼ ውሳኔውን ሲለጥፉ ቴሌግራም ላይ መቅረቱ አይበቃም። ሒሳብ ሹሟ ዕቃ ሲወጣ የተፈረመበት ነገር ትፈልጋለች፤ ልክም ናት። ገጹን አትመሽ ወይም በመዝገብ ገልብጠሽ፣ ከግርጌው ማን መቼ እንደተስማማ በአንድ አንድ መስመር ጽፈሽ፣ ጋሼ ይፈርሙበት። ደሴ የሚሄደው መኪና ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል፣ ተፈርሞ ይመለሳል። የድርጅታችሁ ደንብ ለአንዳንድ ነገር በአካል ተገኝቶ ቃለ ጉባኤ መፈረምን ሊጠይቅ ይችላል፤ የግዥ ኮሚቴ ወይም የጨረታ መክፈቻ ለምሳሌ ተጫራቾቹ ባሉበት ነው የሚሆነው። እዚያ ውስጥ ይህን ዘዴ እንዳታስገቢ።

ጋሼ ማክሰኞ በስልክ «የለም፣ ነይ» ቢሉስ? አንዴ ከጠየቅሽ ይበቃል፣ አትከራከሪ። የሚያራግፍልሽ ሰው ፈልጊና ሂጂ፤ ግን ያቺን ገጽ ሰባት ቅጂ አድርገሽ ያዢ፣ ሁሉም ሳይቀመጥ በፊት በየወንበሩ አኑሪው። ቁጥሩ ከፊታቸው ሲሆን «ያንተ ስንት ቀረ» እየተባለ የሚዞረው ግማሹ ይቀራል። ሲወጡ «ይህቺን ረቡዕ ብልካትስ?» በያቸው። ቅዳሜ ባዶ የነበረውን የባቲ መደርደሪያም የባቲው ሰው ራሱ ይንገራቸው፤ ከአንቺ አፍ ሁለቴ ባይወጣ ይሻላል።

ሙከራው ከሠራም ስብሰባውን ጨርሳችሁ አታጥፉት። ከወሩ አራት ሰኞዎች ሦስቱ በገጽ፣ አንዱ በአካል ይሁን፤ ያውም ሰኞ ሳይሆን ማክሰኞ፣ ባቲ ገበያውን ሸጦ ገንዘቡን ይዞ ሲመጣ። ዋጋ ሲቀየር፣ ሱቅና መጋዘን ሲቆራቆዝ፣ አዲስ ሰው ሲቀጠር ያቺ አንድ ቀን ታስፈልጋለች። ቡናውም የዚያን ቀን በረካ ድረስ ይጠጣ።

ለዚህ ሳምንት አንድ ነገር ይቀርሻል። ቅዳሜ ከሰዓት ባቲ ደውለሽ ስንት ካርቶን እንደተራገፈ ጠይቂና ሐሙስ ከተለጠፈው ውሳኔ ሥር ጻፊው፦ «ባቲ 80 ተራግፏል፣ ደሴ 65፣ ሐይቅ 35»። ሰኞ 3 ሰዓት ላይ ጋሼ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ስልካቸውን ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ይሁን።